በሠርግ ላይ በእንግሊዝኛ ቶስት ማለት፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል

«ሠርግ ላይ ቶስት በል ተብያለሁ፣ እንግሊዝኛዬን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ምን ልበል?» ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልረፍ። ከዚህ በታች ያለው ሙሽራው ወይም ሙሽሪት ጓደኛው ለሆነ፣ ዋና ተናጋሪ ላልሆነ፣ ግን «አንድ ሁለት ቃል በልልን» ለተባለ እንግዳ ነው።

እንግሊዝኛውን ሁሉ በፊደላችን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ቶስት የሚነገር እንጂ የሚነበብ አይደለም፤ እንዴት እንደሚሰማ ካልያዛችሁት በትክክል መጻፉ ብቻ አያድናችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእጅ መዳፍ የሚያክል ጠንከር ያለ ወረቀት። ስስ ወረቀት እጅ ሲንቀጠቀጥ ይንኮሻኮሻል፣ ማይክ ደግሞ ያንን ድምፅ ይወስደዋል።
- ጥቁር እስክሪብቶ፣ ወፍራም ቢሆን ይሻላል።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ለልምምድ ብቻ ነው፣ ዕለቱ ላይ ከስልክ አታንብቡ። ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ፊታችሁም በሰማያዊ ብርሃን ይበራል።
- የሚያዳምጣችሁ አንድ ሰው። የሠርጉን ጉዳይ የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱን ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።
- ብርጭቆ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ያለበት። አልኮል መሆን የለበትም። ባዶ ብቻ አይሁን።

ደረጃ 1፦ ከመጨረሻው ጀምሩ

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲያስብ ሳምንት ይፈጅና ሁለተኛውን መድረክ ላይ ሊፈጥረው ይሞክራል። ተቃራኒውን አድርጉ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ሠርግ አንድ ነው፣ የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ሩት እና ማርክ ናቸው እንበል፦

«ፕሊዝ ሬይዝ ዩር ግላሲዝ ቱ ሩት ኤንድ ማርክ።»

ስምንት ቃል ነው። «እባካችሁ ለሩትና ለማርክ ብርጭቋችሁን አንሱ» ማለት ነው። መጀመሪያ የሚሸመደደው ይህ የሆነበት ምክንያት፣ ብቻውን ሙሉ ቶስት ስለሆነ ነው። ተነስታችሁ ጭንቅላታችሁ ባዶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከነመፈጠሩ ቢጠፋባችሁ፣ ይህን ብቻ ብላችሁ ብርጭቆ ብታነሱ ማንም የጎደለ ነገር አለ አይልም። ስሞቹም ከጠፉባችሁ (ይሆናል፣ አትሳቁ) በስሞቹ ቦታ «ዘ ብራይድ ኤንድ ግሩም» በሉ፤ «ሙሽሪትና ሙሽራው» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሬይዝ» እንጂ «ራይዝ» አይደለም። «ሬይዝ» አንድን ነገር ማንሳት ነው፤ «ራይዝ» ራስ መነሳት ነው። «ፕሊዝ ራይዝ» ስትሉ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን ገፍቶ ይቆማል። ሁለቱን የሚለያቸው «ሬ» እና «ራ» ብቻ ስለሆነ፣ ካርዳችሁ ላይ «ሬ»ን ክበቡበት።

ደረጃ 2፦ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ፈልጉ

አንዱ ጓደኛዬ መጀመሪያ የላከልኝ ረቂቅ «ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ልዩ ቀን በፊታችሁ በመቆሜ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል» ብሎ ይጀምርና «በፍቅርና በስኬት የተሞላ ሕይወት እመኝላቸዋለሁ» ብሎ ያልቃል። ስህተት የለበትም። ግን ስሞቹን አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስም ብትከቱበት ያለ ምንም ችግር ይሠራል። እንዲህ ያለ ቶስት ሰው ጆሮ ውስጥ አይገባም፣ ለእናንተም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ረጃጅምና የማትጠቀሙባቸው ቃላት ይበዙበታል።

ስለዚህ ጠየቅኩት፦ ማርክን ከየት ታውቀዋለህ? «አብረን እንሠራለን፣ ስድስት ዓመት ሆነን።» ምን ዓይነት ሰው ነው? «ጎበዝ ነው፣ ግን ያረፍዳል። ስብሰባ ያረፍዳል፣ ምሳ ያረፍዳል፣ የራሱን የልደት ግብዣ እንኳን አርፍዷል።» ሩትን ሲያገኝስ? ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ከሩት ጋር ቀጠሮ ያለው ቀን ከሰዓቱ በፊት ይወጣል።»

አለቀ፣ ቶስቱ ተገኘ። ሦስት ጥያቄ ናቸው፣ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከየት አውቀዋለሁ፣ ምን ልማድ አለው፣ ያ ልማድ ከእሷ ጋር ሲሆን እንዴት ይቀየራል? ሦስተኛው ነው ቁም ነገሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ አንድ ሰው ናቸው፣ ሠርጉ ግን የሁለት ሰው ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛ፦

«አይ ሀቭ ወርክት ዊዝ ማርክ ፎር ሲክስ ይርዝ፣ ኤንድ ሂ ኢዝ ሌይት ፎር ኤቭሪዋን ኤክሴፕት ሩት።»

«ከማርክ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሩት በስተቀር ለሰው ሁሉ ያረፍዳል» ነው። አሥራ ስድስት ቃል። ከሁለተኛው ጋር ሃያ አራት። ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው አሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው፣ ከነሳቁና ከነዝምታው ሃያ ይሞላል። እዚያ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የማያውቀው ቃል አለ? የለም። እንደዚህ ነው መሆን ያለበት፤ በደስታ ጊዜ ምላስ የሚተሳሰረው ከባድ ቃል ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀልዱ በምታውቁት ሰው ላይ ይሁን። የማርክ ጓደኛ ከሆናችሁ በማርክ ቀልዱ፣ በሩት ላይ አይደለም። ማርፈድ የሚያስቅ ጥፋት ነው፤ ገንዘብ፣ መጠጥ፣ የድሮ ፍቅረኛ አይደሉም። ከተጠራጠራችሁ እናቱ ፊት ለፊት እንደተቀመጠች አስቡ። ብዙ ጊዜ ተቀምጣለችና።

ደረጃ 3፦ ክብደቱን መጨረሻ ላይ አኑሩ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሳቁም እዚያ ይመጣል፤ «ከሩት በስተቀር ለሰው ሁሉ ያረፍዳል» ስንል ሰዉ የሚስቀው «ያረፍዳል» ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንዳለ ይዛችሁ ወደ እንግሊዝኛ ከሄዳችሁ «ኤክሴፕት ፎር ሩት፣ ሂ ኢዝ ሌይት ፎር ኤቭሪዋን» ይሆናል። ሰዋስዉ ያስኬዳል፣ ቀልዱ ግን ሞቷል፣ ምክንያቱም የሩትን ስም ገና ሲጀመር አውጥታችሁታል። እንግሊዝኛው ላይ የሩት ስም የመጨረሻው ቃል መሆን አለበት። ሰሚው «ለሰው ሁሉ ያረፍዳል» የሚለውን ከሰማ በኋላ ነው «ከሩት በቀር» ሊመጣለት የሚገባው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የዓረፍተ ነገራችሁን የመጨረሻ ቃል በጣታችሁ ሸፍኑና ቀሪውን አንብቡ። ቀልዱ ወይም ፍቅሩ ከወዲሁ ከታወቀ ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል።

እግረ መንገዴን ስለ ጊዜው። እኛ «ከስድስት ዓመት ጀምሮ» ስለምንል «አይ አም ወርኪንግ ዊዝ ማርክ ሲንስ ሲክስ ይርዝ» የሚል በጣም ብዙ ሰው ነው። የቆይታ ርዝመት ሲነገር «ፎር» ነው፤ «ሲንስ» የሚመጣው የጀመረበት ጊዜ ሲጠቀስ ነው። አሁንም አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ «ሀቭ ወርክት» በሉ። ሥራውን ከለቀቃችሁ «ሀቭ» ይወጣና «አይ ወርክት» ይሆናል፣ «ሂ ኢዝ» ደግሞ «ሂ ወዝ»።

ደረጃ 4፦ የተተረጎመ ምርቃት ካለ አውጡት

ረቂቁ ካለቀ በኋላ እጅ ይበላል፣ ምርቃት ካልጨመርኩ ይላል። ያኔ ነው አደጋው የሚመጣው።

«ውለዱ ክበዱ» በአማርኛ ግሩም ነው። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱት ግን ሙሽሪትን «ልጅ ውለጂ፣ ከዚያ ወፍሪ» ማለት ይሆናል። ክብደት እዚያ ማዶ ክብር አይደለም፣ ኪሎ ነው።

«ጉድ ላክ»ንም ተዉት። «መልካም ዕድል» ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል፤ ለአዲስ ተጋቢ ሲባል ግን «ያስፈልጋችኋል» የሚል ሽሙጥ ይመስላል። እኔ ራሴ ብዬዋለሁ፣ ያውም በሙሉ ልቤ። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ ጎበዝ ተናጋሪ ነኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ለምን እንደተሳቀ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ ሲነገረኝ ነው።

«ፋይናሊ»ም እንዲሁ። «በመጨረሻ ተጋቡ» ማለታችሁ ቢሆንም «እስካሁን ምን ሲጠብቁ ነበር» ይመስላል። «ሜኒ ሃፒ ሪተርንዝ» ደግሞ የልደት ነው፤ በሠርግ ላይ «ይህ ቀን ደጋግሞ ይምጣላችሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ደስታችሁን በግድ መግለጽ ካለባችሁ ቶስቱ ላይ ሳይሆን በኋላ ሙሽሮቹን ስታቅፉ «ኮንግራቹሌሽንዝ» በሉ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዝ» አትዋጧት። «በሠርጋችሁ» ለማለት ከፈለጋችሁ «ኦን ዩር ዌዲንግ» ነው የሚከተለው፣ «ፎር» አይደለም።

ደረጃ 5፦ ካርዱን እንደምትናገሩት ጻፉ

ካርዱ ላይ እንግሊዝኛውን በራሱ ፊደል አትጻፉ፣ ወይም ከጻፋችሁ ከሥሩ በእኛ ፊደል ድገሙት። ለምሳሌ ሲጻፍ መጨረሻው «ድ» የሚመስለው ቃል ሲነገር «ወርክት» ነው። «ክ»ን ተከትሎ ሲመጣ ወደ «ት» ይለወጣል። እንደተጻፈው «ወርክድ» ወይም «ወርኬድ» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ዓይን ጆሮን ስለሚቀድም።

ከዚያ ጠንካራ የሚባሉትን ቃላት አስምሩባቸው። አማርኛ ስንናገር ድምፃችንን በየቃሉ እኩል እናከፋፍላለን፤ እንግሊዝኛ ጥቂቱን ይጫንና ሌላውን ይሮጥበታል። እዚህ የሚሰመርባቸው «ሲክስ ይርዝ»፣ «ሌይት»፣ «ኤቭሪዋን» እና «ሩት» ናቸው። ሰሚው እነዚህን ብቻ በደንብ ከሰማ ሌላው ቢደበዝዝበትም ሐሳቡን ይይዛል። «ኤክሴፕት» ላይ የሚጫነው «ሴ» ነው።

ከ«ኤክሴፕት» በኋላ ትልቅ ጭረት አድርጉ። እዚያ ላይ ግማሽ ትንፋሽ ትቆማላችሁ።

ስሞቹ ላይ ጊዜ ስጡ። ሌላው ቃል ቢበላሽ ይታለፋል፣ የሙሽሪት ስም ሲበላሽ ግን አያቷ ጭምር ቀና ይላሉ። «ሩት» ጥሩ ምሳሌ ነው። በእኛ «ት» ስትጠሯት እንግሊዝኛ ሰሚው የሚሰማው «የዛፍ ሥር» የሚለውን ቃል ነው። ትክክለኛው ድምፅ የምላስን ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል በትንሹ አውጥቶ አየር ማሳለፍ ነው፣ ፊደል ስለሌለን ካርዱ ላይ «ት»ን ክበቡባትና «ምላስ!» ብላችሁ ጻፉበት። («ዝ» ያደረጋችሁት እንደሆነ በአማርኛ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። አማርኛ የሚሰማ እንግዳ ካለ አለቀላችሁ።) ስሙን ከማን ትማራላችሁ? ከራሷ። ደውላችሁ «ስምሽን ቀስ ብለሽ በይልኝ» ብላችሁ ቅዱት፣ ማንም በዚህ አይቀየምም።

ደረጃ 6፦ ልምምድ፣ ግን ቆሞ

በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ቆማችሁ፣ ብርጭቆ ይዛችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አሥር ጊዜ በሉት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ካርዱን ሳታዩ። አንዱን ቅዱትና አዳምጡ፤ ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆነ እየሮጣችሁ ነው፣ ዕለቱ ላይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

ከዚያ ቅጂውን ሠርጉን ለማያውቅ ሰው አሰሙትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ማርክ ምን ዓይነት ሰው ነው?» «ያረፍዳል፣ ለአንዷ ግን አያረፍድም» ካላችሁ ተሳክቷል። «ስድስት ዓመት የሠራ ሰው» ካላችሁ «ሌይት» አልተሰማም ማለት ነው፣ እሱን ጫን በሉት። «ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው» የሚል መልስ ምንም አይነግራችሁም። የሠርጉን ጉዳይ የማያውቅ ሰው ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ያልሰማውን ከራሱ ይሞላዋል።

ደረጃ 7፦ ዕለቱ ላይ

ያላችሁ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ማይክ አንዱን ይወስዳል፣ ካርድ ሌላውን፣ ብርጭቆው የት ይሁን? ይህን ሳያስቡ ተነስተው ብርጭቆ በብብታቸው የያዙ ሰዎች አይቻለሁ። መፍትሔው፦ ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በማይክና በካርድ በሉ። ካርዱን አስቀምጡ፣ ብርጭቆውን አንሱ፣ ከዚያ የሸመደዳችሁትን ሁለተኛውን በሉ። ካርድ ማስቀመጡ ራሱ ሰዉ ለመሳቅ ጊዜ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ የሚሠራው ግን ብርጭቆው እጃችሁ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ከሆነ ነው።

ማይኩን ከአገጫችሁ በታች ያዙት። በቀጥታ አፋችሁ ፊት ከሆነ የ«ፕሊዝ» «ፕ» እንደ ተኩስ ይሰማል።

ሰዉን ዝም ለማሰኘት ብርጭቆ በማንኪያ አትምቱ። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሠርጎች ላይ ይህ ድምፅ «ሙሽሮች ተሳሳሙ» የሚል ትእዛዝ ነው፣ እነሱ ሲሳሳሙ እናንተ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። መድረክ መሪው እንዲጠራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ከ«ሩት» በኋላ ዝም በሉ። ሳቅ ከመጣ እስኪረግብ ጠብቁ፣ በሳቅ ላይ ከተናገራችሁ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይዋጣል፣ ያልሰማ ሰው ደግሞ ብርጭቆ አያነሳም። ሳቅ ካልመጣ በልባችሁ እስከ ሁለት ቆጥራችሁ ቀጥሉ። ቀልዱን አታብራሩ፣ ያለ ሳቅም ዓረፍተ ነገሩ የፍቅር ቃል ሆኖ ይቆማል።

ሁለተኛውን ስትሉ ብርጭቆውን ከፍ የምታደርጉት «ቱ» ላይ ነው፣ እስከ ዓይናችሁ ድረስ፣ ሙሽሮቹን እያያችሁ። ሰዉ «ቱ ሩት ኤንድ ማርክ» ብሎ ይመልሳል ወይም «ቺርዝ» ይላል። ጎንጨት አድርጉ። ሙሽሮቹ አብረው ካልጠጡ አትደንግጡ፣ በእንግሊዝኛው ወግ የተቶሰተለት ሰው ለራሱ አይጠጣም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

አንደኛው በይቅርታ መጀመር ነው። «ሶሪ ፎር ማይ ኢንግሊሽ» ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰሚው ከዚያ በኋላ ማርክን ትቶ ስህተታችሁን መቁጠር ይጀምራል። ያለ እሱ ማንም አይቆጥርም ነበር።

ሌላው ሁለቱን ዓረፍተ ነገር በ«ኤንድ» በ«ሶ» እየቀጠሉ አንድ ባቡር ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ሁለት ናቸው፣ በአፍ ግን አንድ ይሆናሉ፣ ሰዉም የቱ ጋ መሳቅ፣ የቱ ጋ ብርጭቆ ማንሳት እንዳለበት ይጠፋዋል። ነጥቡ ላይ አፋችሁን ግጠሙ። በቃ፣ ከንፈር ይዘጋ።

ሦስተኛው ዕለቱ ላይ የሚመጣ ነው። ከእናንተ በፊት የተናገረው ሰው ስለ ማርክ ማርፈድ ካወራስ? ይህ በእርግጥ ያጋጥማል። ዓረፍተ ነገሩን አትቀይሩ፣ መድረክ ላይ አዲስ እንግሊዝኛ አትፍጠሩ። ያንኑ በሉት፤ ሁለት ሰው ያረጋገጠው ማርፈድ ይበልጥ ያስቃል። ከመጨነቅ ለመዳን ከፈለጋችሁ ግን መድረክ መሪውን አስቀድመው ከሚናገሩት ተርታ እንዲያስገባችሁ ለምኑት፣ ሃያ ሰከንድ ለሚፈጅ ሰው ቦታ አይጠፋም።

ቶስቱ ካለቀ በኋላ ማይኩን ለመድረክ መሪው አቀብሉ። «ታንክ ዩ» ብላችሁ አትጨምሩ፣ የሰዉ አፍ ውስጥ መጠጥ አለ።